የጥናት ጽሑፍን ምዕራፎች በንዑስ ርዕስ ወደተከፋፈለ አብስትራክት መለወጥ፦ ደረጃ በደረጃ

ብዙ ሰው በንዑስ ርዕስ የተከፋፈለ አብስትራክት እንዲጽፍ ሲጠየቅ ከመግቢያው ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ከዘዴው ሦስት፣ ከውጤቱ ሁለት፣ ከማጠቃለያው አንድ ይቆርጥና «ዳራ»፣ «ዘዴ»፣ «ውጤት»፣ «ማጠቃለያ» የሚሉ ርዕሶች ይለጥፍባቸዋል። የሚወጣው ጽሑፍ ግማሹ ዳራ ይሆናል፤ ውጤቱ ያለ ቁጥር ይቀራል፤ ማጠቃለያው ደግሞ ውጤቱ ያላለውን ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የምዕራፍ ዓረፍተ ነገር የተጻፈው ከፊቱና ከኋላው ባሉት አንቀጾች ተደግፎ እንዲቆም ነው፤ ከዚያ ተነቅሎ ብቻውን ሲቀመጥ ይጎድላል ወይም ይንዛዛል። ስለዚህ ሥራው መቁረጥና መለጠፍ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ምዕራፍ መልስ አውጥቶ እንደ አዲስ መጻፍ ነው። የአጻጻፉም ቅደም ተከተል አብስትራክቱ ከሚነበብበት ቅደም ተከተል ይለያል።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ሦስት ነገር በእጃችሁ ይሁን።

አንደኛ፣ ያለቀ ጽሑፍ። ሰንጠረዦቹ ገና የሚቀያየሩ ከሆነ አብስትራክቱን አትጀምሩ። አንድ ታካሚ ከትንተናው ሲወጣ ወይም ሲገባ መቶኛው ይቀየራል፤ አብስትራክቱ ግን አሮጌውን ቁጥር ይዞ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ የምትልኩለት ጆርናል መመሪያ። ንዑስ ርዕሶቹ በየጆርናሉ ይለያያሉ። ላንሴት «ዳራ፣ ዘዴ፣ ግኝት፣ ትርጓሜ፣ የገንዘብ ምንጭ» ይላል። ጃማ ከዓላማው በፊት ጥናቱ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ የራሱ ክፍል አለው፤ የጥናቱን ንድፍ፣ ቦታና ተሳታፊዎች በአንድ ርዕስ ያስቀምጣል፤ ዋናውን መለኪያ ደግሞ ለብቻው ያስጽፋል። ከመመሪያው አራት ነገር ጻፉ፦ የርዕሶቹን ትክክለኛ ስም፣ የቃል ጣሪያውን፣ ርዕሶቹ ራሳቸው ይቆጠሩ እንደሆነ፣ እንደ ሙከራ ምዝገባ ቁጥር ያለ ተጨማሪ መስመር ይጠየቅ እንደሆነ።

ሦስተኛ፣ ባለ ሦስት ዓምድ ባዶ ወረቀት። በመጀመሪያው ዓምድ ቁጥሩን፣ በሁለተኛው ከየት ሰንጠረዥና ገጽ እንደተወሰደ፣ በሦስተኛው ከስንት ሰው እንደተሰላ ታሰፍሩበታላችሁ። ከዚህ በታች «የቁጥር ወረቀት» የምንለው ይህ ነው።

### የምንሠራበት ምሳሌ

ደረጃዎቹን በአንድ ምሳሌ እንከተላለን። ለማሳያ የተፈጠረ ነው። በአንድ ሆስፒታል 240 የደም ግፊት ታካሚዎች በዕጣ እኩል ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ከእያንዳንዱ ቀጠሮ 2 ቀን በፊት በስልኩ የጽሑፍ መልእክት ይደርሰዋል፤ ሌላው የተለመደውን የቀጠሮ ካርድ ብቻ ይይዛል። ክትትሉ 6 ወር ነው። በመካከል 12 ሰዎች ጠፉ፦ ከመልእክቱ ቡድን 5፣ ከካርዱ ቡድን 7። የቃል ጣሪያው 250 ነው እንበል።

## ደረጃ 1፦ ዋናውን መለኪያ ፈልጉ

ምንም ከመጻፋችሁ በፊት ጥናቱ ሊመልስ የተነሳለትን አንድ ጥያቄ ለዩ። የምትፈልጉት በዘዴ ምዕራፍ ውስጥ ነው እንጂ በውጤት ምዕራፍ ውስጥ አይደለም። የውጤት ምዕራፍ ያማረውን ቁጥር ወደፊት ያመጣል፤ የዘዴ ምዕራፍ ግን ቁጥሩ ከመታወቁ በፊት የታሰበውን ይናገራል።

በምሳሌያችን ዘዴው «ዋናው መለኪያ በ6 ወር ውስጥ ሁሉንም ቀጠሮ ያከበሩ ታካሚዎች ድርሻ ነው» ይላል። የደም ግፊቱ ልክ ሁለተኛ መለኪያ ነው።

ዘዴው ዋና መለኪያውን በግልጽ ካልጻፈስ? የናሙና መጠን ስሌቱን አንብቡ። ናሙናው የተሰላው የትኛውን ልዩነት ለማየት ነው? ያ ነው ዋናው መለኪያ። ስሌትም ከሌለ በመግቢያው መጨረሻ ላይ የተጻፈውን ዓላማ ያዙ። ዘዴውና ዓላማው የተለያየ ነገር የሚሉ ከሆነ ችግሩ የአብስትራክቱ ሳይሆን የጽሑፉ ነው፤ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ሲያልቅ መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «መልእክት የደረሳቸው ታካሚዎች ቀጠሯቸውን በሙሉ የማክበር ድርሻቸው ከፍ ያለ ነበር።» ሌላው ሁሉ የሚታነጸው በዚህ ላይ ነው።

## ደረጃ 2፦ የቁጥር ወረቀቱን ሙሉ

ወደ አብስትራክቱ ሊገባ የሚችለውን ቁጥር ሁሉ ከሰንጠረዥ ቅዱ። ከጽሑፉ አንቀጾች አትቅዱ፤ እነሱ ራሳቸው ከሰንጠረዡ የተቀዱ ስለሆኑ ስህተት ሊኖርባቸው ይችላል። የምሳሌያችን ወረቀት ይህን ይመስላል፦

| ቁጥር | ምንጭ | ከስንት ሰው |
|---|---|---|
| ሁሉንም ቀጠሮ ያከበሩ፣ መልእክት፦ 84 (70%) | ሰንጠረዥ 2 | 120 |
| ሁሉንም ቀጠሮ ያከበሩ፣ ካርድ፦ 66 (55%) | ሰንጠረዥ 2 | 120 |
| ልዩነት፦ 15 የመቶኛ ነጥብ፣ 95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ከ2.9 እስከ 27.1፣ P=0.016 | ሰንጠረዥ 2 | 240 |
| አማካይ የላይኛው ደም ግፊት፣ መልእክት፦ 141 | ሰንጠረዥ 3 | 115 |
| አማካይ የላይኛው ደም ግፊት፣ ካርድ፦ 143 | ሰንጠረዥ 3 | 113 |
| ልዩነት፦ −2፣ 95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ከ−5.6 እስከ 1.6፣ P=0.28 | ሰንጠረዥ 3 | 228 |

ሦስተኛው ዓምድ ለምን እንዳስፈለገ እዚህ ይታያል። በመካከል የጠፉት 12 ሰዎች ቀጠሯቸውን እንዳላከበሩ ተቆጥረዋል፤ ስለዚህ ዋናው ትንተና 240ውንም ይዟል። የደም ግፊታቸውን ግን የሚለካ ሰው አላገኘም፤ ያ ትንተና 228 ሰው ብቻ ነው ያለው። ይህ ካልተጻፈ አንባቢው ሁለቱም ከ240 የተሰሉ ይመስለዋል።

ሰንጠረዡና አንቀጹ ካልተስማሙ አንዱን መርጣችሁ አትለፉ። ወደ ትንተናው የመጀመሪያ ውጤት ተመለሱ፤ ትክክለኛውን አግኙና ሰንጠረዡንም፣ አንቀጹንም፣ የቁጥር ወረቀቱንም አርሙ። ይህ የጀማሪ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። በ1999 ጃማ ላይ የወጣ ፍተሻ ስድስት ታዋቂ የሕክምና ጆርናሎችን አይቶ ከጽሑፉ የማይስማማ ወይም በጽሑፉ ውስጥ የሌለ መረጃ የያዙት አብስትራክቶች እንደየጆርናሉ ከ18 እስከ 68 በመቶ እንደሚደርሱ አሳይቷል።

## ደረጃ 3፦ «ውጤት»ን በመጀመሪያ ጻፉ

250 ቃል ካላችሁ 90 ያህሉን ለውጤት ስጡ። ለዘዴ 75፣ ለዳራና ዓላማ በአንድነት 45፣ ለማጠቃለያ 40 ይበቃል። ውጤት ቀድሞ የሚጻፈው ሌሎቹ ክፍሎች ምን መያዝ እንዳለባቸው የሚወስነው እሱ ስለሆነ ነው።

በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉ፦

1. ስንት ሰው ወደ ትንተናው ገባ።
2. ዋናው መለኪያ፦ የሁለቱም ቡድን ቁጥር፣ ልዩነቱ፣ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ፣ P ዋጋው።
3. ሁለተኛው መለኪያ፣ ልዩነት ባይታይበትም።
4. ጉዳት ወይም ያልተጠበቀ ችግር ተለክቶ ከነበረ እሱ።

ከምዕራፉ ተቆርጦ የሚለጠፈው ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦

> በሰንጠረዥ 2 እንደተመለከተው በሁለቱ ቡድኖች መካከል በስታቲስቲክስ ጉልህ የሆነ ልዩነት ታይቷል (P<0.05)።

ምን ያህል ልዩነት? ወደየትኛው ወገን? ከስንት ሰው? አብስትራክቱን ብቻ የሚያነብ ሰው ሰንጠረዥ 2ን አያይም። እንደገና ሲጻፍ፦

> ሁሉንም ቀጠሮ ያከበሩት ከመልእክቱ ቡድን 84 ከ120 (70%)፣ ከካርዱ ቡድን 66 ከ120 (55%) ናቸው፤ ልዩነቱ 15 የመቶኛ ነጥብ ነው (95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ከ2.9 እስከ 27.1፤ P=0.016)።

### ማስጠንቀቂያ፦ መቶኛና የመቶኛ ነጥብ

ከ55% ወደ 70% መሄድ 15 የመቶኛ *ነጥብ* ነው። 70ን ለ55 ብታካፍሉ ግን 1.27 ይመጣል፤ ማለትም በ27 በመቶ አደገ ማለት ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የሚናገሩት ግን የተለያየ ነገር ነው። «በ15 በመቶ ጨመረ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሁለቱንም አልሆነም፤ ስህተት ነው። «በ27 በመቶ ጨመረ» ብቻ ብትሉ ደግሞ ስሌቱ ትክክል ቢሆንም መነሻውን ስለደበቀ ውጤቱን ያጋንነዋል። የሁለቱን ቡድን ቁጥር ጎን ለጎን ካስቀመጣችሁ አንባቢው የፈለገውን ራሱ ያሰላል።

### ማስጠንቀቂያ፦ ያልተሳካውን መለኪያ መጣል

የደም ግፊቱ ልዩነት −2 ነው፤ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ዜሮን አቅፎ ይዟል። ብዙ ጸሐፊ ቦታ ጠበበኝ ብሎ የሚጥለው ይህን ነው። አትጣሉት። መልእክቱ ቀጠሮ አስከብሮ ሳለ የደም ግፊት ላይ ግልጽ ለውጥ አለማሳየቱ አንባቢው በጣም የሚፈልገው መረጃ ነው፤ ገምጋሚም ከሰንጠረዥ 3 አግኝቶት «ከአብስትራክቱ ለምን ቀረ?» ብሎ ይጠይቃል።

## ደረጃ 4፦ ከውጤቱ ወደኋላ ተመልሳችሁ «ዘዴ»ን ጻፉ

የዘዴ ምዕራፍ ረጅም ስለሆነ ከየት እንደሚቆረጥ ግራ ያጋባል። መለኪያችሁ አሁን የጻፋችሁት ውጤት ይሁን፦ እሱን ለማመንና ለመረዳት የሚያስፈልገው ይገባል፣ ሌላው ይቀራል።

የሚገባው፦ የጥናቱ ዓይነት፣ ቦታው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ተሳታፊዎቹ እነማንና ስንት እንደሆኑ፣ እንዴት እንደተመደቡ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን ምን እንደተደረገ፣ ምን መቼ እንደተለካ፣ ትንተናው ማንን እንዳካተተ።

የሚቀረው፦ የሶፍትዌር ስምና ቁጥር፣ የናሙና ስሌት ቀመር፣ የመጠይቅ ቅድመ ሙከራ፣ የመረጃ ሰብሳቢዎች ሥልጠና። የሥነ ምግባር ፈቃድም መመሪያው ካልጠየቀ በጽሑፉ ውስጥ ይቆይ።

ከጻፋችሁ በኋላ አንድ ፍተሻ አድርጉ። በውጤቱ ያለውን እያንዳንዱን መለኪያ በዘዴው ውስጥ ፈልጉ፤ በዘዴው ያለውን ደግሞ በውጤቱ። በዘዴው «የደም ግፊትና የሕይወት ጥራት ተለካ» ተብሎ በውጤቱ የደም ግፊት ብቻ ካለ አንባቢው የሕይወት ጥራቱ የተደበቀ ይመስለዋል። ወይ ውጤቱን ጨምሩ፣ ወይ ከዘዴው አውጡት። መለኪያው በዋናው ጽሑፍ ውስጥ እስካለ ድረስ ማውጣቱ ነውር አይደለም።

## ደረጃ 5፦ «ዳራ» እና «ዓላማ»

እዚህ ብዙ አትቆዩ። የመግቢያውን የመጀመሪያ ገጽ እለፉት፤ በሽታው በዓለም ላይ ስንት ሰው እንደያዘ የሚናገረው ክፍል ለአብስትራክት አይሆንም። የሚያስፈልጋችሁ በመጨረሻዎቹ ሁለት አንቀጾች ውስጥ ነው፦ የታወቀው ምንድን ነው፣ ያልታወቀውስ? አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የምንጭ ጥቅስ ቁጥር አታስገቡ፤ አብስትራክቱ ብቻውን ሲታተም «[7]» የሚያመለክተው ነገር አይኖርም።

ዓላማው ደረጃ 1 ላይ የለያችሁትን ዋና መለኪያ በስሙ ይጥራ። «የመልእክትን ጠቀሜታ መዳሰስ» ምንም አይናገርም።

## ደረጃ 6፦ «ማጠቃለያ»፣ ብዙው የሚሳሳትበት

የውይይት ምዕራፉን ዝጉት። በውይይት ውስጥ ከሌሎች ጥናቶች ጋር ታወዳድራላችሁ፣ ምክንያት ትገምታላችሁ፣ ተስፋ ታደርጋላችሁ፤ ያ ሁሉ ሲቀዳ ማጠቃለያው ከውጤቱ በላይ ይዘላል። ከፊታችሁ የሚሆነው ደረጃ 3 ላይ የጻፋችሁት «ውጤት» ብቻ ነው።

ከውይይት የተቀዳ፦

> የስልክ መልእክት የደም ግፊትን ለመቆጣጠር ውጤታማና አዋጪ ዘዴ ስለሆነ በሁሉም የጤና ተቋማት ሊተገበር ይገባል።

ሦስት ስህተት አለው። የደም ግፊት ላይ ግልጽ ልዩነት አልታየም። ወጪ አልተለካም፤ ስለዚህ «አዋጪ» ከየት መጣ? ጥናቱ የተካሄደው በአንድ ሆስፒታል ሆኖ ሳለ ምክሩ ለሁሉም ተሰጠ። ሲስተካከል፦

> ከቀጠሮ 2 ቀን በፊት የሚላክ የጽሑፍ መልእክት ቀጠሯቸውን በሙሉ የሚያከብሩ ታካሚዎችን ድርሻ ከፍ አድርጓል። በ6 ወር ውስጥ የደም ግፊትን ስለመቀነሱ ግን ግልጽ ማስረጃ አልተገኘም።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የተጻፈበትን መንገድ ልብ በሉ። «መልእክቱ የደም ግፊትን አይቀንስም» አላለም። ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ እስከ −5.6 ይደርሳል፤ ስለዚህ መቀነስ ሊኖር ይችላል፣ ይህ ጥናት ግን ሊያረጋግጠው አልቻለም። «ልዩነት አልተረጋገጠም» እና «ልዩነት የለም» አንድ አይደሉም።

«ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» የሚለውን ሰርዙት። ምን ዓይነት ጥናት እንደሆነ ካልተናገረ ለማንኛውም ጽሑፍ የሚሆን ዓረፍተ ነገር ነው።

## ደረጃ 7፦ ገጣጥሙና ቁጠሩ

አሁን በመመሪያው ቅደም ተከተል አስቀምጡ፦

> ዳራ፦ የቀጠሮ ማስታወሻ መልእክት ለአንድ ቀጠሮ እንደሚረዳ ቢታወቅም ለወራት በሚዘልቅ የደም ግፊት ክትትል ላይ ያለው ውጤት ግልጽ አይደለም።
>
> ዓላማ፦ የጽሑፍ መልእክት ታካሚዎች በ6 ወር ውስጥ ያሉባቸውን ቀጠሮዎች በሙሉ እንዲያከብሩ ይረዳ እንደሆነ መፈተሽ።
>
> ዘዴ፦ በአንድ ሆስፒታል የተመላላሽ ሕክምና ክፍል በዕጣ ድልድል የተካሄደ ሙከራ ነው። ዕድሜያቸው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 240 የደም ግፊት ታካሚዎች በዕጣ እኩል ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ከእያንዳንዱ ቀጠሮ 2 ቀን በፊት የጽሑፍ መልእክት ሲደርሰው ሌላው የተለመደውን የቀጠሮ ካርድ ብቻ ያዘ። ዋናው መለኪያ በ6 ወር ውስጥ ሁሉንም ቀጠሮ ያከበሩ ታካሚዎች ድርሻ፣ ሁለተኛው በ6ኛው ወር የተለካ የላይኛው የደም ግፊት ነው። ታካሚዎቹ በተመደቡበት ቡድን ተተንትነዋል፤ ክትትል ያቋረጡት ቀጠሮ እንዳላከበሩ ተቆጥረዋል።
>
> ውጤት፦ በዋናው ትንተና 240ውም ተካተዋል። ሁሉንም ቀጠሮ ያከበሩት ከመልእክቱ ቡድን 84 ከ120 (70%)፣ ከካርዱ ቡድን 66 ከ120 (55%) ናቸው፤ ልዩነቱ 15 የመቶኛ ነጥብ ነው (95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ከ2.9 እስከ 27.1፤ P=0.016)። በ6ኛው ወር የደም ግፊታቸው በተለካ 228 ታካሚዎች አማካዩ በመልእክቱ ቡድን 141፣ በካርዱ ቡድን 143 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነበር (ልዩነት −2፤ 95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ከ−5.6 እስከ 1.6፤ P=0.28)።
>
> ማጠቃለያ፦ ከቀጠሮ 2 ቀን በፊት የሚላክ የጽሑፍ መልእክት ቀጠሯቸውን በሙሉ የሚያከብሩ ታካሚዎችን ድርሻ ከፍ አድርጓል። በ6 ወር ውስጥ የደም ግፊትን ስለመቀነሱ ግን ግልጽ ማስረጃ አልተገኘም።

ይህ ከ250 ቃል በታች ነው። አማርኛ መስተዋድዱንና ተውላጠ ስሙን ከቃሉ ጋር ስለሚያጣብቅ አንድ ሐሳብ በእንግሊዝኛ ከሚፈጀው ባነሰ ቃል ያልቃል። ስለዚህ በሁለቱም ቋንቋ አብስትራክት የምታዘጋጁ ከሆነ የአማርኛው በጣሪያው ውስጥ ስለገባ የእንግሊዝኛውም ይገባል ብላችሁ አታስቡ፤ ለየብቻ ቁጠሩ። ቃላቱን ያለ ባዶ ቦታ በሁለት ነጥብ (፡) ብቻ ለይታችሁ ከጻፋችሁ ደግሞ በባዶ ቦታ የሚቆጥር ፕሮግራም መስመሩን ሙሉ እንደ አንድ ቃል ሊወስደው ይችላል።

ከጣሪያው ካለፈ በዚህ ቅደም ተከተል ቀንሱ፦ መጀመሪያ ከዳራው፣ ቀጥሎ ከዘዴው ገላጭ ቃላት፣ ከዚያ ከአንድ በላይ ሁለተኛ መለኪያ ካለ ከእነሱ ዝርዝር። «ከ120» የሚለውንና የዋናውን መለኪያ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ግን በምንም ምክንያት አትንኩ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚቆርጠው እነዚህን ነው፤ ቁጥር ስለሆኑ ትርፍ ይመስላሉ።

## ደረጃ 8፦ በሌላ ዓይን አስፈትሹ

አብስትራክቱንና ሰንጠረዦቹን ብቻ፣ ያለ ምዕራፎቹ፣ ጥናቱን ለማያውቅ ባልደረባ ስጡ። እያንዳንዱን ቁጥር ከሰንጠረዡ ጋር አመሳክሮ ምልክት ያድርግበት፤ ከዚያ «ማን ከማን ጋር ተወዳደረ? ምን ተገኘ?» ብላችሁ ጠይቁት። ወደ ሙሉው ጽሑፍ ሳይሄድ መመለስ ካልቻለ የጎደለው አብዛኛውን ጊዜ ዘዴው ውስጥ ነው፤ የንጽጽሩ ቡድን ምን እንደተደረገለት ሳይጻፍ ቀርቷል።

## ጥናቱ ሙከራ ካልሆነ

ለቃለ መጠይቅ ጥናት «ውጤት» የሚይዘው የተገኙትን ጭብጦች ነው። «አራት ጭብጦች ተለይተዋል» ብቻ ማለት ከላይ ካየነው «ጉልህ ልዩነት ታይቷል» አይሻልም፤ ጭብጦቹን በስማቸው ጥሩና እያንዳንዱ ምን እንደሚል በአጭሩ ተናገሩ። ለሥነ ጽሑፍ ዳሰሳ ደግሞ ዘዴው የተፈተሹትን የመረጃ ቋቶችና የፍለጋውን የመጨረሻ ቀን፣ ውጤቱ የተካተቱትን ጥናቶችና ተሳታፊዎች ብዛት ይያዝ።

## ስትልኩ

የጆርናሉ የመላኪያ ቅጽ አብዛኛውን ጊዜ ለአብስትራክት የራሱ ሳጥን አለው፤ ከፋይሉ ጋር አይገናኝም። ቀድታችሁ ከለጠፋችሁ በኋላ ሁለት ነገር ተመልከቱ። ደማቅ የነበሩት ንዑስ ርዕሶች ወደ ተራ ጽሑፍ ተለውጠው ከዓረፍተ ነገሩ ጋር ሊጣበቁ ይችላሉ፤ እያንዳንዱን በአዲስ መስመር አስጀምሩ። የተቀናሽ ምልክቱም ሊጠፋ ይችላል፤ «ከ−5.6 እስከ 1.6» የነበረው «ከ5.6 እስከ 1.6» ሆኖ ይገኛል። ገምጋሚዎች ትንተናው እንዲስተካከል ጠይቀው ቁጥር ከተቀየረ ደግሞ ከቁጥር ወረቀቱ ጀምሩ፤ ከዚያ ሰንጠረዡን፣ አንቀጹን፣ በፋይሉ ያለውን አብስትራክትና በሳጥኑ ያለውን አብስትራክት በተራ አርሙ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ያ የመጨረሻው ነው።